ሰርቨርና ተጫዋች በአንድ ኮምፒውተር፦ «አይሞከርም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የጌም ወዳጆች ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለጓደኞች የሚሆን የግል የማይንክራፍት ሰርቨር በቤት ኮምፒውተር ላይ ስለ መክፈት የተጻፈ ሲሆን፣ ዋና ዋና ነጥቦቹ በጸሐፊው ቃል እነዚህ ናቸው፦

«አንድ ኮምፒውተር ወይ ሰርቨር ይሆናል ወይ መጫወቻ ይሆናል፤ ሁለቱንም ልሁን ካለ ሁለቱንም ያበላሻል።»

«የራም ሂሳቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 1 ጊጋባይት መድቡ፣ የተረፈውንም ጨምሩበት፤ ራም በዝቶበት የተጎዳ ሰርቨር የለም።»

«እየተጫወታችሁ Task Manager ክፈቱ። የፕሮሰሰሩ አጠቃቀም ከ50 በመቶ በላይ ከሆነ ተዉት፤ በታች ከሆነ ግን አትጨነቁ።»

«ጓደኞቻችሁ ጌሙ ይቆራረጥብናል ካሉ፣ ኮምፒውተሩ አልቻለም ማለት ነው።»

ጸሐፊው ይህን የጻፉት ሰዎች ቅዳሜ ማታ ጓደኞቻቸውን ሰብስበው እንዳያፍሩ በማሰብ እንደሆነ ከጽሑፉ ይታያል፤ አሳባቸውን አልነቅፍም። ሆኖም ከአራቱ ነጥቦች ሁለቱ አንባቢን ወደ ተሳሳተ መለኪያ ይመራሉ፣ አንዱ ጉዳት ያመጣል፣ የመጀመሪያው ደግሞ ማይንክራፍት እንዴት እንደተሠራ ከመነሻው የዘነጋ ነው። እኔም እንደ እርሳቸው የምናገረው ስለ ጃቫው ማይንክራፍት ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው 1.3 ከተባለው ቅጂ ጀምሮ፣ ብቻውን የሚጫወት ሰው ሁሉ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሰርቨር እያሠራ ነው የሚጫወተው። «ለብቻ መጫወት» የሚለውን ሲጫን ጌሙ ከጀርባ አንድ ውስጣዊ ሰርቨር ያስነሣል፤ ዓለሙን የሚያንቀሳቅሰው፣ ላሞቹን የሚያስሄደው፣ ሰብሉን የሚያሳድገው ይህ ሰርቨር ነው፤ በስክሪኑ ላይ የምናየው ክፍል ደግሞ ከእርሱ የሚላክለትን ተቀብሎ የሚስል ነው። Open to LAN የሚለውን ቁልፍ ስንጫን ጌሙ አዲስ ነገር አይጀምርም፤ የነበረውን ሰርቨር ለሌሎች ክፍት ያደርገዋል እንጂ። ስለዚህ «ሰርቨርና ተጫዋች በአንድ ኮምፒውተር አይኖሩም» የሚለው አባባል፣ ብቻውን የሚጫወተውን ሰው ሁሉ የሌለ ያደርገዋል።

ይህ ማለት ግን ጓደኞችን መጨመር ምንም አያስከፍልም ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው የተሰማቸው ሥጋት መሠረት አለው። ብቻውን የሚጫወት ሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ሰርቨሩ በዙሪያው ያለውን መሬት፣ ቸንክ በሚባሉ 16 በ16 ብሎክ የሆኑ ክፍሎች ከፋፍሎ ያንቀሳቅሳል። በተጫዋቹ ዙሪያ ምን ያህል ርቀት እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነው የ simulation-distance መደበኛ ልክ 10 ስለሆነ፣ በየአቅጣጫው 10 ቸንክ ሲቆጠር 21 በ21፣ ማለትም ወደ 441 ቸንክ ይሆናል። አምስት ሰዎች አንድ መንደር ውስጥ አብረው ቤት ቢሠሩ ቸንኮቹን ስለሚጋሩ ቁጥሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። አምስቱም በአምስት አቅጣጫ ቢበታተኑ ግን ከ2,200 ያልፋል። ጭነቱን የሚወስነው እንግዲህ የሰው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ የሚበታተኑበትም ልክ ነው። አንዳንዱ ኮምፒውተር ስምንት ሰው ያለ ችግር ሲያስተናግድ፣ ሌላው በሦስት ሰው የሚንገዳገደው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያ ላይ ነገሩ ከጌም ጌም ይለያል። ፋክቶሪዮ ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒውተር ፋብሪካውን በሙሉ ራሱ ያሰላል፤ በመካከላቸው የሚተላለፈው ማን ምን እንዳደረገ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ከጌሙ ማውጫ ውስጥ ሆኖ ለጓደኞቹ ሲከፍት፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጨመረው ሥራ እምብዛም ነው። ቫልሄይም ላይ ደግሞ የአንድን አካባቢ ፍጥረታት የሚያንቀሳቅሰው በአካባቢው ካሉት ተጫዋቾች የአንዱ ኮምፒውተር ነው። ለማይንክራፍት እንኳ ያልሠራው ፍርድ ለእነዚህ ጨርሶ አይሠራም።

ወደ ራም ልለፍ። «ለአንድ ሰው 1 ጊጋባይት» የሚለው ስሌት ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ሰርቨር የሚያከራዩ ድርጅቶች ዋጋቸውን በራም ልክ ስለሚያስቀምጡ፣ ሰው ራምን የሰርቨር ጉልበት መለኪያ አድርጎ ለምዷል። ነገር ግን ራም በአብዛኛው የሚይዘው የተከፈቱትን ቸንኮችና በውስጣቸው ያለውን ነገር ነው፤ እሱም ከላይ እንዳየነው ሰው ሲበታተን እንጂ ሰው ሲቆጠር አይደለም የሚበዛው። ይልቅ ጉዳት የሚያመጣው «የተረፈውን ጨምሩበት» የሚለው ምክር ነው። ምክሩ ለሰርቨር ብቻ ለተመደበ ማሽን ቢነገር ብዙ ባልተከራከርኩ ነበር፤ ባለቤቱ በሚጫወትበት ኮምፒውተር ላይ ግን «የተረፈ» የሚመስለው ራም የተረፈ አይደለም።

16 ጊጋባይት ያለውን ኮምፒውተር እንውሰድ። ዊንዶውስና ከጀርባ የሚሠሩት ፕሮግራሞች በግምት 4 ይይዛሉ። መነጋገሪያውና ሁለት ሦስት ገጽ የተከፈተበት ብራውዘር 2 ገደማ ይወስዳሉ። ባለቤቱ የሚጫወትበት ማይንክራፍት ለጃቫ ከተፈቀደለት ሌላ ለግራፊክስና ለራሱ ሥራ የሚጠቀምበት ስላለ 3 ወይም 4 ይደርሳል። ለሰርቨሩ 4 ብንፈቅድለት፣ እርሱም ከተፈቀደለት በላይ ለራሱ ጥቂት ስለሚይዝ 5 እንበለው። ድምሩ 15 አካባቢ ነው። ኮምፒውተሩ ችሏል፤ ግን በጠባቡ ነው የቻለው። አሁን የጽሑፉን ምክር ተከትለን ለሰርቨሩ 8 ብንሰጠው፣ ጃቫ የተፈቀደለትን ጊዜውን ጠብቆ መያዙ አይቀርም፤ ያኔ ዊንዶውስ ከራም የሞላበትን ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል፣ የባለቤቱም ጌም በየመካከሉ ቀጥ እያለ መሄድ ይጀምራል። ይህ መሆኑን ለማወቅ Resource Monitor ውስጥ Memory በሚለው ገጽ ላይ Hard Faults/sec የሚለውን ዐምድ ማየት ነው። እየተጫወቱ ሳለ በሁለቱ የጃቫ ፕሮግራሞች አንጻር ቁጥሩ ሳያቋርጥ ከፍ ብሎ ከቆየ ራሙ አልበቃም ማለት ነው። መፍትሔውም ለሰርቨሩ መጨመር ሳይሆን ከእርሱ መቀነስ ሊሆን ይችላል።

ሰርቨሩን ጭራሽ ልክ ሳይሰጡት ማስነሣትም ሌላው ስሕተት ነው፤ ጃቫ ልክ ካልተሰጠው የኮምፒውተሩን ራም ሩብ ለራሱ ጣሪያ ያደርጋል። በ8 ጊጋባይት ማሽን ላይ 2፣ በ32 ላይ 8 ማለት ነው፤ ሁለቱም የታሰበባቸው ቁጥሮች አይደሉም። ስለዚህ ልኩን በግልጽ መጻፍ ይሻላል፦

```
java -Xms4G -Xmx4G -jar server.jar
```

መጨረሻው ላይ ብዙዎች የሚጨምሩትን nogui የሚለውን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። እርሱ ከሌለ ሰርቨሩ የራሱን ትንሽ መስኮት ይከፍታል፤ በመስኮቱም ጥግ የራም አጠቃቀሙ እንደ መጋዝ ጥርስ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል። መውጣቱ አያስደነግጥም፤ የሚታየው ሲወርድ የት ድረስ እንደሚወርድ ነው። በወረደ ቁጥር ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች የሚመለስ ከሆነ የተሰጠው በቂ ነው። ወርዶም ከጣሪያው ሥር የሚቀር ከሆነ ያኔ አንድ ጊጋባይት መጨመር ተገቢ ነው። ከተጫዋች ብዛት ይልቅ ይህ ሥዕል ይታመናል።

በ8 ጊጋባይት ኮምፒውተር ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ከላይ ያለውን ድምር ቀንሰን ቀናንሰን ብንሠራው እንኳ 8 ውስጥ በምቾት አይገባም። ብራውዘሩን ዘግቶ፣ ለሰርቨሩ 2 ብቻ ሰጥቶ የሚሞክር ሰው ከሁለት ጓደኞች ጋር አንድ ምሽት ሊያሳልፍ ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን አልመክረውም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክራችን ደረስን፤ ይኸውም የፕሮሰሰሩ 50 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳታል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን ላይ ሊዋሽ ይችላል።

የማይንክራፍት ሰርቨር ዓለሙን የሚያንቀሳቅሰው በአብዛኛው በአንድ የሥራ ሰልፍ ላይ ነው፤ ሥራውን ለስድስት ወይም ለስምንት ኮር እኩል አያከፋፍልም። አዲስ መሬት መፍጠርና ዲስክ ላይ መጻፍ የመሳሰሉት በጎን ይሠራሉ፤ ፍጥረታቱ፣ ሬድስቶኑ፣ የሚወድቀውና የሚፈሰው ግን ሁሉም በዚያው አንድ ሰልፍ ተራውን ጠብቆ ያልፋል። Task Manager ደግሞ የሚያሳየው የሁሉንም አማካይ ነው። ፕሮሰሰሩ 6 ኮርና 12 የሥራ መስመር ካለው፣ አንዱን መስመር ጥርግ አድርጎ የሞላ ሰርቨር በአማካዩ ላይ የሚታየው 8 በመቶ ሆኖ ነው። ሰርቨሩ ትንፋሽ አጥሮት ሳለ የባለቤቱ ጌም 25 በመቶ ቢጨምርበት ስክሪኑ 33 በመቶ ይላል፤ በጽሑፉ መለኪያ «አትጨነቁ» የሚባለው ይህ ነው። በእያንዳንዱ ኮር ሥዕል ልየው ቢባልም ብዙ አይረዳም፤ ዊንዶውስ ሥራውን ከኮር ወደ ኮር እያዘዋወረ ስለሚያሠራ አንድም ኮር 100 ላይ ቆሞ ላይታይ ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ 80 በመቶ የሚያሳይ ኮምፒውተር ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ የፍሬም ገደቡን ከፍቶ በሰከንድ 250 ፍሬም እየሣለ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ጭነት ማንም የማያየው ትርፍ ሥዕል ነው፤ ገደብ ሲደረግለት ወዲያው ይወርዳል።

ታዲያ በምን እንለካ? ሰርቨሩ ራሱ የሚለካበት ነገር አለው። በሰከንድ 20 ጊዜ ዓለሙን አንድ እርምጃ ያራምዳል፤ እያንዳንዷ እርምጃ ቲክ ትባላለች፣ ለእያንዳንዷም ያለው ጊዜ 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሥራውን በ15 ሚሊ ሰከንድ ከጨረሰ ቀሪውን 35 ተኝቶ ይጠብቃል። 70 ከፈጀበት ግን ዓለሙ ይዘገያል። የጥያቄያችን መልስ ሁሉ ያለው በዚህ 50 ውስጥ ነው፦ ባለቤቱ መጫወት ሲጀምር ቲኩ ላይ ስንት ሚሊ ሰከንድ ይጨምራል? ድምሩስ ከ50 በታች ይቆያል?

ይህን ለማየት ከ1.20.3 ቅጂ ጀምሮ አንድ ትእዛዝ አለ፤ በሰርቨሩ መስኮት ላይ ይጻፋል፦

```
tick query
```

መልሱ የቲኩን አማካይ ጊዜና P50፣ P95፣ P99 የሚባሉ ሦስት ቁጥሮችን ይሰጣል። አማካዩ ደግ ነው፤ ክፉውን ይሸፍናል። P95 ማለት ከመቶ ቲክ 95ቱ ከዚያ ቁጥር አይበልጡም ማለት ነው። በሰከንድ 20 ቲክ ስላለ፣ P95 ከ50 ከበለጠ በአማካይ በየሰከንዱ አንዲት ቲክ ትዘገያለች፤ ተጫዋች ይህን በእጁ ያውቀዋል። P99 ብቻ ከ50 ቢበልጥ በየአምስት ሰከንዱ አንዲት ናት፤ በግንባታ ጊዜ አትታወቅም፣ በውጊያ ጊዜ ግን ትሰለቻለች። አንድ ጥንቃቄ ይደረግ፦ ትእዛዙ የሚያየው የመጨረሻዎቹን 100 ቲኮች፣ ማለትም ያለፉትን አምስት ሰከንዶች ብቻ ነው። ስለዚህ ጭንቁ እያለ ደጋግሞ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ሁሉም አርፎ ከተቀመጠ በኋላ መጠየቅ ትርጉም የለውም።

ብዙዎች የሚጠብቁት ሌላ ምልክት ሰርቨሩ የሚጽፈውን ማስጠንቀቂያ ነው፦

```
Can't keep up! Is the server overloaded?
```

ይህ ሲወጣ ነገሩ ከረፈደ በኋላ ነው። ሰርቨሩ ይህን የሚጽፈው ሁለት ሰከንድ ገደማ ወደ ኋላ ሲቀር ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን መዘግየት ቀጣዮቹን ቲኮች አፋጥኖ ለማካካስ እየሞከረ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ማስጠንቀቂያው አለመውጣቱ እንግዲህ ደህንነትን አያረጋግጥም።

ፈተናው ሁለት ዙር አለው፤ ሁለቱን ማነጻጸሩ ነው ፍርዱን የሚሰጠው። በመጀመሪያው ዙር ባለቤቱ ጌሙን አይከፍትም፤ ሰርቨሩን ብቻ ያስነሣል፣ ጓደኞቹ ይገባሉ፣ ሁለቱ ማንም ያልረገጠው መሬት ወዳለበት በተቃራኒ አቅጣጫ ይበራሉ፤ ለሰርቨር ከዚህ የከፋ የተለመደ ሥራ የለም። በዚህ መካከል ትእዛዙ ደጋግሞ ይጻፋል። በሁለተኛው ዙር ባለቤቱ ሁልጊዜ በሚጫወትበት የግራፊክስ ልክ ገብቶ ብዙ ከብትና ማሽን ያለበት ቦታ ይቆማል፣ ጓደኞቹ ያንኑ በረራ ወደ ሌላ አዲስ መሬት ይደግማሉ።

በዚያው ባለ 6 ኮሩ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ ውጤት ወጣ እንበል። ባለቤቱ ሳይገባ አማካዩ 16፣ P99 31 ነው። ሲገባ አማካዩ 22፣ P99 64 ሆነ። አማካዩን ያየ ሰው «ከ50 ግማሽ እንኳ አልሞላም» ብሎ ይሄዳል፤ P99ን ያየ ግን ለምን ጓደኞቹ እንዳጉረመረሙ ያውቃል። ሁለቱ ፕሮግራሞች በተለያየ ኮር ላይ እየሠሩ ለምን ይነካካሉ ቢባል፣ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ኮሮች ሲበዙ የእያንዳንዱ ፍጥነት ስለሚወርድ፣ የጋራ የሆነውን ካሽና ወደ ራም የሚወስደውን መንገድ ስለሚሻሙ፣ ሙቀቱም ስለሚጨምር ነው። የግራፊክስ ካርዱ እዚህ ውስጥ የለበትም፤ ሰርቨሩ ምንም አይሥልም። ለዚህ ሥራ ሲባል ውድ የግራፊክስ ካርድ መግዛት ገንዘብን ማባከን ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገሮች ይስተካከላሉ። አንደኛው በባለቤቱ ጌም Video Settings ውስጥ Max Framerate የሚለውን ወደ 60፣ ወይም ሞኒተሩ ወደሚችለው ልክ ማውረድ ነው። ሁለተኛው server.properties በሚባለው ፋይል ውስጥ ነው፦

```
view-distance=8
simulation-distance=6
```

simulation-distance ከ10 ወደ 6 ሲወርድ በአንድ ሰው ዙሪያ የሚንቀሳቀሰው መሬት ከ441 ቸንክ ወደ 169 ይወርዳል፤ ከግማሽ በላይ ሥራ ቀለለ ማለት ነው። ዋጋም አለው፦ ከ6 ቸንክ በላይ የራቀ እርሻ አንድ ተጫዋች ካልቀረበው አያድግም። ሁለተኛው ዙር ከዚህ በኋላ ተደግሞ P99 ወደ 40 ከወረደ ኮምፒውተሩ ለዚያ ቡድን ይበቃል። ፍሬሙ ተገድቦ፣ ርቀቱ ተቀንሶም ከ50 ካልወረደ አይበቃም፤ ያኔ «ሌላ ማሽን ፈልጉ» የሚለው የጸሐፊው ምክር ትክክል ይሆናል። የመጀመሪያው ዙር ራሱ ከ50 በላይ ከነበረ ደግሞ ችግሩ የባለቤቱ መጫወት አይደለም፤ ያ ፕሮሰሰር ለብቻውም ቢተው ያን ዓለም አይችለውም።

ላፕቶፕ ላይ የሚሞክር ሰው ፈተናውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያስኬደው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጥሩ የነበረ ቁጥር ማሽኑ ሲግል ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ሊበላሽ ይችላል፤ ቻርጀሩም ይሰካ።

የቀረው የመቆራረጥ ጉዳይ ነው። «ይቆራረጣል» የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ በሽታዎችን ይሸፍናል፤ ሦስቱን ለመለየት ደግሞ ማን እንደተቸገረ መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የሰበሩት ብሎክ ተመልሶ ብቅ ካለ፣ በጉ ቆሞ ቆይቶ ድንገት ከዘለለ፣ ይህም ባለቤቱን ጨምሮ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካጋጠማቸው ቲኩ ዘግይቷል፤ ከላይ ያለው ሁሉ የሚሠራው ለዚህ ነው። ባለቤቱ ብቻ ስክሪኑ ከተንቀጠቀጠበትና ጓደኞቹ ምንም ካልተሰማቸው፣ የእርሱ ጌም ፍሬም አንሶበታል፤ ሰርቨሩ ደህና ነው። ጓደኞቹ ሲሰቃዩ ባለቤቱ ግን ሁሉም እንደ ውሃ እየፈሰሰለት ከሆነ ኢንተርኔቱ ነው፤ በዚህኛው ላይ ኮምፒውተር መቀየር ምንም አይፈይድም። ባለቤቱ localhost ብሎ ስለሚገባ ከሰርቨሩ ጋር በኢንተርኔት አይገናኝም፤ ስለዚህ የኢንተርኔቱን ችግር ራሱ ፈጽሞ አያየውም። የጽሑፉ ጸሐፊ «አልቻለም» ያሉት ኮምፒውተር ከእነዚህ በየትኛው እንደታመመ አልነገሩንም።

ኢንተርኔቱ ሲታመም ጥፋቱ በብዛት የአፕሎድ ነው። አንድ ቤት «50 ሜጋቢት ኢንተርኔት አለኝ» ሲል ብዙውን ጊዜ ስለ ዳውንሎድ ነው የሚናገረው፤ ሰርቨር ግን ከሚቀበለው ይልቅ የሚልከው ይበዛል፣ አፕሎዱም 5 ብቻ ሊሆን ይችላል። ስንት እንደሚፈለግ ከመገመት ማየቱ ይቀላል፦ Resource Monitor ውስጥ Network የሚለው ገጽ ላይ java.exe የሚለውን መፈለግ ነው፤ ሰርቨሩ ከትእዛዝ መስኮት ሲነሣ በዚህ ስም ይታያል፣ የባለቤቱ ጌም ግን javaw.exe ነው። ጓደኞቹ እየበረሩ ሳለ Send (B/sec) የሚለው 300,000 ቢያሳይ፣ ይህ በባይት ስለሆነ በ8 ይባዛል፤ 2.4 ሜጋቢት ይሆናል። 5 አፕሎድ ላለው ቤት ይበቃል። የሚበላሸው በዚያ መካከል የአንድ ሰው ስልክ ፎቶዎቹን ወደ ደመና ማከማቻ መጫን ሲጀምር ነው፤ መስመሩ ይሞላል፣ የሁሉም ጓደኞች ፒንግ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ባለቤቱ ግን አሁንም ምንም አያይም።

ጓደኞቹ ጭራሽ መግባት ካልቻሉ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው። በራውተሩ ላይ 25565 የተባለው ፖርት ለኮምፒውተሩ ተከፍቶም ካልሠራ፣ በራውተሩ ገጽ ላይ WAN ተብሎ የተጻፈው አድራሻ፣ «አድራሻዬ ምንድን ነው» የሚሉ ድረ ገጾች ከሚያሳዩት ጋር ይመሳሰል እንደሆነ ይታይ። ከተለያዩ፣ በተለይም የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ፣ አቅራቢው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው፤ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ፖርት መክፈት አይሠራም። ጓደኞቹን በአንድ የግል ኔትዎርክ የሚያገናኝ የቪፒኤን ፕሮግራም መጠቀም ወይም አቅራቢውን የራስ አድራሻ መጠየቅ ይቻላል። እዚህም ላይ ኮምፒውተሩ ጥፋት የለበትም።

ጸሐፊው እግረ መንገዳቸውን ካነሧቸው ውስጥ ያለ ክርክር የምቀበላቸው አሉ። ባለቤቱ ኮምፒውተሩን ሲያጠፋ ዓለሙም አብሮ ይዘጋል፤ ዊንዶውስ እንቅልፍ ውስጥ ሲገባም እንዲሁ። የግራፊክስ ድራይቨሩ ቢበላሽና ማሽኑ ቀጥ ቢል አምስት ሰው አብሮ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሰርቨሩ ቆሞ ሳለ የ world ፎልደሩን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ከቀጠሮው በፊት የሚሠራ ሥራ መሆን አለበት። የቤቱ የኢንተርኔት አድራሻ ለጓደኞች ስለሚሰጥና ፖርቱም ለዓለም ሁሉ ክፍት ስለሚሆን፣ በስም የተፈቀደላቸው ብቻ እንዲገቡ የሚያደርገው white-list=true በ server.properties ውስጥ ሳይደረግ መክፈት አይገባም። ቡድኑ በተለያየ ሰዓት እየገባ የሚጫወት፣ ባለቤቱ ሥራ ላይ ሳለም የሚገነባ ከሆነ፣ P99 20 ቢሆን እንኳ ለብቻው የሚበራ ሌላ ማሽን ወይም ኪራይ ይሻለዋል። ሁሉም በአንድ ምሽት፣ ባለቤቱም ባለበት የሚገናኙ ከሆነ ግን ለኪራይ ከመክፈላቸው በፊት ሁለቱን ዙር ያስኪዱ።